የወፍጮው ሞተር እና ሦስቱ ማብሪያዎች

አንድ ወፍጮ ቤት ባለ 15 ኪሎዋት ሞተር አለው እንበል። ሞተሩ በ380 ቮልት፣ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይሠራል። በቀጥታ ከመስመር ጋር ተገናኝቶ ሲነሳ ከወትሮው አምስት ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል፤ የአካባቢው አምፖሎች ይደበዝዛሉ፣ ቀበቶውም ይጮኻል። ባለቤቱ ከዚህ ለመገላገል፣ ፍጥነቱንም እንደ እህሉ ዓይነት ለመቀያየር ሲል ኢንቨርተር ያስገጥማል። የኢንቨርተሩ ክዳን ሲከፈት፣ አሉሚኒየሙ ሂት ሲንክ ላይ በብሎን የታሰረች፣ መዳፍ የምታህል ሞጁል ትታያለች። ሞተሩን የምትነዳው እሷ ናት። በውስጧ ስድስት አይጂቢቲዎች አሉ።

ለምን አይጂቢቲ? ሞስፌትም ታይሪስተርም እኮ ያው ከሲሊከን የተሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። ሦስቱም ጌት በምትባለው እግራቸው በኩል ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ የሚንቀሳቀስ አካል የላቸውም። ልዩነታቸውን ለማየት ግን ቮልቴጁን ማስላት ይበቃል።

ኢንቨርተሩ የመስመሩን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይለውጠዋል። ሜትር ላይ 380 ተብሎ የሚነበበው ቮልቴጅ ጫፉ ላይ 1.41 እጥፍ ይደርሳል፤ ካፓሲተሮቹም የሚሞሉት እስከ ጫፉ ስለሆነ 537 ቮልት ገደማ ይይዛሉ። ሞተሩ በፍጥነት እንዲቆም ሲታዘዝ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ያን ጊዜ ቮልቴጁ 700ን ሊሻገር ይችላል። በዚህ ላይ ማብሪያው በጠፋ ቁጥር የሚፈጠረው ቅጽበታዊ ጭማሪ አለ። ስለዚህ አምራቾች 1200 ቮልት የሚችል ማብሪያ ይመርጣሉ።

ታይሪስተር ይህን ቮልቴጅ ያለ ችግር ይሸከማል፤ ብዙ ሺህ ቮልት የሚችሉም አሉ። ችግሩ ሌላ ነው። ታይሪስተር እንደ ክብሪት ነው፤ ይለኩሳል እንጂ አያጠፋም። ጌቱ ላይ ትንሽ ከረንት ሲሰጠው ይበራል፣ ከዚያ በኋላ ግን ጌቱ ሥልጣን የለውም፤ የሚጠፋው በውስጡ የሚያልፈው ከረንት ራሱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ብቻ ነው። በ50 ኸርዝ ኤሲ መስመር ላይ ይህ በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚሆን አያስቸግርም። የኢንቨርተሩ ዲሲ ግን በራሱ ወደ ዜሮ አይወርድም። በታይሪስተር ዘመን የነበሩ ኢንቨርተሮች ከረንቱን በግድ ለማቋረጥ ተጨማሪ ካፓሲተርና ጥቅልል ይሸከሙ ነበር። በኋላ በጌት የሚጠፋ ታይሪስተር ቢመጣም፣ ለማጥፋት ጌቱ ከባድ ከረንት ይጠይቃል። የጃፓኑ ፈጣን ባቡር ሺንካንሰን በ1992 እ.ኤ.አ. አገልግሎት በጀመረው 300 ሲሪየስ ላይ የተጠቀመው ይህንኑ ነበር፤ በ1999 የመጣው 700 ሲሪየስ ግን ወደ አይጂቢቲ ዞረ።

እንዲህ ሲባል ታይሪስተር ከወፍጮ ቤት ተባሯል ማለት አይደለም። ሶፍት ስታርተር የሚባለው መሣሪያ ውስጥ ያሉት ታይሪስተሮች ናቸው። በእያንዳንዱ የኤሲ ማዕበል ላይ ዘግየት ብለው በመብራት ለሞተሩ የሚደርሰውን ቮልቴጅ ይቀንሳሉ፤ ሞተሩም ቀስ ብሎ ይነሳል። ፍሪኩዌንሲውን ግን መለወጥ ስለማይችሉ ሞተሩን አዝግመው ሊያሠሩት አይችሉም። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ቮልቴጁ በግማሽ ሲቀንስ የሞተሩ የማዞር ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። በድንጋዮቹ መካከል እህል የቀረበት ወፍጮ በዚህ ጉልበት ላይነሳ ይችላል። ባዶውን ለሚነሳና ፍጥነቱ ለማይለዋወጥ ሞተር ግን ሶፍት ስታርተር በቂ ነው፤ ለኢንቨርተር ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሞስፌት በተቃራኒው ለትእዛዝ እጅግ ፈጣን ነው። ሲበራ የሚያሳየው ባሕርይ የተራ ሬዚስተር ነው፤ ይህ ደግሞ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ትልቅ ጥቅም ይሰጠዋል። በ72 ቮልት ባትሪ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ውስጥ 4 ሚሊኦም የሚሆን ሞስፌት 50 አምፒር ቢያሳልፍ የሚባክነው 0.2 ቮልት፣ ማለትም 10 ዋት ነው። አይጂቢቲ ቢገባበት ኖሮ በእያንዳንዱ ማብሪያ ላይ 1.5 ቮልት ያህል ይጠፋ ነበር። ከረንቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ማብሪያ ስለሚያቋርጥ ከ72ቱ ቮልት 3ቱ ሞተሩ ጋ ሳይደርሱ ይቀራሉ።

ቮልቴጁ ከፍ ሲል ሚዛኑ ይገለበጣል። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችል ሞስፌት ወፍራምና ከረንት በቀላሉ የማያሳልፍ የሲሊከን ንጣፍ ያስፈልገዋል፤ የሚችለው ቮልቴጅ በእጥፍ ሲያድግ የዚህ ንጣፍ ሬዚስታንስ አምስት ስድስት እጥፍ ይጨምራል። የወፍጮው ሞተር 30 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ጫፉ 42 ይደርሳል። ለ1200 ቮልት የተሠራ 0.3 ኦም የሲሊከን ሞስፌት 40 አምፒር ሲያልፍበት 480 ዋት ያቃጥላል፤ ሲግል ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ከዚያም ይብሳል። በዚያው ቦታ አይጂቢቲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፦ 80 ዋት።

የዚህ ምስጢር አይጂቢቲ ሁለቱን ማዳቀሉ ነው። ጌቱ የሞስፌት ነው፤ በቮልቴጅ ብቻ ይታዘዛል፣ ከረንት አይጠይቅም ማለት ይቻላል። ከታች በኩል ግን አንድ ተጨማሪ ንጣፍ አለው፤ እሱ ሲበራ ወፍራሙን ሲሊከን በኤሌክትሪክ ተሸካሚዎች ያጥለቀልቀዋል፣ ሬዚስታንሱም ይወድቃል።

ይህ ጥቅም ዋጋ ያስከፍላል። ንጣፎቹ አንድ ላይ ሲቆጠሩ አራት ይሆናሉ፤ አራት ንጣፍ ደግሞ ታይሪስተር ነው። የህንድ ተወላጁ ጃያንት ባሊጋ በጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ሌሎችም በየፊናቸው አይጂቢቲን ሲያበለጽጉ በነበሩበት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነበር፦ ከረንቱ ሲበዛ የተደበቀው ታይሪስተር ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ ጌቱ ቢያዝ ሰሚ የለም። በጃፓን የቶሺባ መሐንዲሶች ይህን የሚከላከል ንድፍ ሠርተው በ1985 ገበያ ካወጡ በኋላ ነው አይጂቢቲ የታመነው።

ሁለተኛው ዋጋ ሲጠፋ የሚታየው ነው። ሲሊከኑን ያጥለቀለቁት ተሸካሚዎች ወዲያው ስለማይወጡ ከረንቱ ጥቂት ይጎተታል፤ በእያንዳንዱ ማጥፋት ላይም ሙቀት ይፈጠራል። ለዚህ ነው የሞተር ኢንቨርተሮች በአብዛኛው በሴኮንድ ከ2,000 እስከ 16,000 ጊዜ ብቻ የሚያበሩት። ከሞተሩ የሚሰማው ቀጭን ፉጨትም ከዚሁ ነው። ፉጨቱ የረበሸው ሰው ፍሪኩዌንሲውን ከፍ ቢያደርገው ድምፁ ይሸሻል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል።

ሙቀት ደግሞ የወፍጮ ቤት ኢንቨርተር ዋነኛ ጠላት ነው። ዱቄት በሂት ሲንኩ ክንፎች መካከል ይጋገራል፣ ፋኑም ይደክማል። ሞጁሉ በየቀኑ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ቺፑን የሚያገናኙት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ሽቦዎች መጋጠሚያቸው ቀስ በቀስ ይላቀቃል። አጭር ዙር ሲፈጠርም ትዕግሥቱ አጭር ነው፤ ብዙዎቹ አይጂቢቲዎች የሚችሉት 10 ማይክሮሴኮንድ ያህል ስለሆነ መቆጣጠሪያው በዚያ ውስጥ ማጥፋት አለበት።

የተቃጠለውን መለየት ከባድ አይደለም። መስመሩ ተቋርጦ ካፓሲተሮቹ ባዶ እስኪሆኑ ይጠበቃል፤ ባዶ መሆናቸውም በሜትር ይረጋገጣል፤ ይህን መዝለል ሕይወት ያስከፍላል። ከዚያ የሞተሩ ገመዶች ተነቅለው ሜትሩ ዳዮድ ላይ ይደረጋል። ቀዩ ጫፍ በዲሲው ኔጌቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ በየተራ በሦስቱ የሞተር መውጫዎች ላይ ሲነካ ሦስቱም ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት የሚሆን ተቀራራቢ ንባብ መስጠት አለባቸው። ጥቁሩ በፖዘቲቩ፣ ቀዩ በመውጫዎቹ ላይ ሲሆንም እንዲሁ። አንዱ ዜሮ ካነበበ እዚያ ያለው አይጂቢቲ ሾርት ሆኗል።

ይህ ሁሉ ስሌት የሲሊከን ስሌት ነው። ከሲሊከን ካርባይድ የሚሠራ ሞስፌት በ1200 ቮልትም ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ ነው፣ ሲጠፋም ከረንት አይጎተትበትም። ቴስላ ሞዴል ኤስን በአይጂቢቲ ሲነዳ ቆይቶ በ2017 ሞዴል 3ን በሲሊከን ካርባይድ ሞስፌት አወጣ። መኪና ውስጥ የዳነው ኃይል ባትሪ ያተርፋልና ውድ ዋጋውን ይመልሳል። ከመስመር ለሚሠራ ወፍጮ ግን አይጂቢቲው እስካሁን ርካሹ ምርጫ ነው።