ፕሮጀክተርን በቴሌቪዥን ፈንታ ስለ መጠቀም

ፕሮጀክተርን በቴሌቪዥን ፈንታ በቤቱ ሊያቆም የወደደ ሰው አስቀድሞ የሥዕሉን ወርድ ከርቀቱ ጋር ያመዛዝን። በመመሪያው ላይ የርቀቱና የወርዱ ንጽጽር 1.5 ተብሎ ቢጻፍ፥ መሣሪያው ከግድግዳው 3 ሜትር ሲርቅ የሥዕሉ ወርድ 2 ሜትር ይሆናል። ወደ 6 ሜትር ቢያርቁት ግን ያው ብርሃን በአራት እጥፍ ስፍራ ላይ ስለሚበተን ሥዕሉ ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ነገር የሥዕሉ መጣመም ነው። መሣሪያው ከዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ወደ ላይ ቢያቀና፥ ወደ ላይኛው ወገን የሚሄደው ብርሃን ረዘም ያለ መንገድ ስለሚጓዝ ሥዕሉ ከላይ ይሰፋል፤ ከታች ይጠብባል። ብዙዎች ይህን «ኪስቶን» በሚባለው ማስተካከያ ለማቅናት ይቸኩላሉ። ይሁን እንጂ ማስተካከያው ሰፊውን ወገን በማጥበብ የሚያቀና ስለ ሆነ ሥዕሉ ያንሳል፤ ጥቃቅን ፊደላትም ጥራታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ጠረጴዛውን ከፍ አድርጎ መሣሪያውን ሳያዘነብሉ ማቆም፥ የቀረውን ጥቂት መጣመም ብቻ በኪስቶን ማረም ይገባል።

ድምፁስ? ዲኮደሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኝ ድምፁም ከሥዕሉ ጋር ወደ ፕሮጀክተሩ ይሄዳልና ከተመልካቹ ኋላ ይሰማል። ስለዚህ ከፕሮጀክተሩ የድምፅ መውጫ ገመድ ስቦ ድምፅ ማጉያውን ከሥዕሉ በታች ማኖር ይሻላል። በብሉቱዝ ቢያገናኙት ግን ድምፁ ከተናጋሪው ከንፈር ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል።