ሊብሬው ያማረ፣ መኪናው የሌላ ሰው

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ጥያቄ «ሊብሬ አለው ወይ?» የሚል ነው። ሻጩ ሊብሬውን አውጥቶ ሲያሳየው፣ ስሙ፣ ሰሌዳው፣ ማኅተሙ ሁሉ በየቦታው ሲገኝ ልቡ ያርፋል። ብዙ ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው ነገር የሚታመነው መኪናው በተመዘገበበት የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ካለው ፋይል ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ ስለ መኪናው ብዙ ነገር አለ፤ መኪናው ሲገባ የተከፈለው ቀረጥ፣ የቀድሞ ባለቤቶቹ፣ ባንክ ይዞት እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ። ሐሰተኛ ሊብሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ደብተሩን አሳምሮ ሊሠራ ይችላል፤ ፋይሉን ግን መሥራት ይከብደዋል። ስለዚህ ጥረቱ ሁሉ ገዢው ፋይሉ ጋ እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ቶዮታ ቪትዝ ይፈልጋል እንበል። ደላላው በስልክ ፎቶ ይልክለታል። ሞዴሉ 2006 ነው፤ ዋጋው ደግሞ ገበያው ላይ ካለው ተመሳሳይ መኪና በ150 ሺህ ብር ያነሰ ነው። «ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ገዢ ነገ ጠዋት ይመጣል» ይለዋል። ገዢው ሄዶ ያያል፤ መኪናው ንጹሕ ነው፣ የዓመቱ ቦሎ ተለጥፎበታል። «ጋራዥ ወስጄ መካኒክ ቢያየው» ሲል ሻጩ ፊቱን ያጠቁራል። «ወንድሜ፣ ካላመንክ ተወው፤ መኪናዬን ማንም እንዲፈታታው አልፈልግም» ይላል።

ይህን ቃል የሰማ ገዢ በእኔ እምነት እዚያው መተው አለበት። ሻጩ የደበቀው ነገር ሞተሩ የሚያፈሰው ዘይት ብቻ ቢሆን፣ ጉዳቱ በጥገና ሊወጣ ይችላል። ጋራዥ የሚያስፈራው ግን ሌላም ምክንያት አለው። መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ፋኖስ ሲያበራ የሻንሲ ቁጥሩ ይታያል።

የሻንሲ ቁጥር መኪናው ሲሠራ ብረቱ ላይ የሚመታ ነው። ለጃፓን ገበያ በተሠራው ቪትዝ ላይ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ግድግዳ ላይ ይገኛል። ምሳሌያችን ውስጥ ያለው የአንድ ሺህ ሲሲ ቪትዝ ቁጥሩ በኬ-ኤስ-ፒ 90 ይጀምራል፣ ከሰረዝ በኋላ ሰባት አኃዞች ይከተሉታል። የሞተሩ ዓይነት ደግሞ 1 ኬ-አር ነው። መካኒኩ ሞተሩ ላይ 2 ኤስ-ዜድ የሚል ካገኘ፣ ያ የአንድ ሺህ ሦስት መቶው ቪትዝ ሞተር ነውና፣ ወይ ሞተሩ ተቀይሯል ወይ ደብተሩና መኪናው የተለያዩ ናቸው። ሞተር መቀየር በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ግን ስም ሲዞር መሰናክል ይሆናል። ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች ደግሞ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር አላቸው። በዚህ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ፈጽሞ አይገቡም። ሊብሬ ላይ ከእነዚህ አንዱ ከታየ መጠየቅ ይገባል።

የተነካካ ቁጥርን ዓይን ይለየዋል። ፋብሪካ የመታው ቁጥር እኩል ጥልቀትና እኩል ርቀት አለው። በእጅ የተመታው አንዱ ጠልቆ አንዱ ሳስቶ፣ አንዱ ወደ ጎን ዘንብሎ ይታያል። ቁጥሩ ዙሪያ ብረቱ የተሞረደ፣ ቀለሙ ከአካባቢው የወፈረ፣ ወይም የብየዳ መስመር ያለው ከሆነ፣ ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። በጨርቅ ዘይቱንና አቧራውን ጠርጎ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ከዚያ ፎቶውን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት። ሞተር ሳይክል ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ መሪው የሚገባበት አንገት ላይ ነው። የሞተሩ ቁጥር ከታች ሞተሩ ላይ ይገኛል።

ቁጥሩ ገጠመ ማለት ግን ሁሉም አለቀ ማለት አይደለም። ሊብሬውም ብረቱም እውነተኛ ሆነው ሽያጩ ሐሰት ሊሆን ይችላል። መኪናው ለባንክ ብድር ተይዞ ይሆናል። ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ቀረጡ ሳይከፈል ለማይመለከተው ሰው ሊተላለፍ የማይችል ይሆናል። ወይም ደግሞ ሻጩ «ዋናው ጠፍቶብኝ ምትክ አወጣሁ» ይልና ዋናው ሌላ አበዳሪ እጅ ይገኛል። እነዚህን ሁሉ የሚያወጣው የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው በገዢው ፊት ከቢሮው ራሱ መውጣት አለበት። ደላላው አስቀድሞ ይዞት የመጣው ወረቀት ማጣሪያ አይባልም።

በውክልና የሚሸጥ መኪና የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውጭ አገር ያለ ሰው በኤምባሲ በኩል ለወንድሙ ወይም ለጓደኛው ውክልና መላኩ የተለመደ ነው፤ በዚህ መንገድ በሰላም የሚያልቅ ሽያጭ ብዙ ነው። ነገር ግን ውክልናው መኪናውን ለመሸጥ በግልጽ ሥልጣን ይሰጣል ወይ? ወካዩ ሽሮት ይሆን? ወካዩ ከሞተ ውክልናው በመርህ ደረጃ ያበቃል። ውክልናው ገና ጸንቶ እንዳለ የሚታወቀው ከተመዘገበበት ቦታ ሲጠየቅ ነው፤ ወካዩን በቪዲዮ ደውሎ ማነጋገርም አይከፋም። ጋብቻ ሌላው ጥያቄ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ከ500 ብር በላይ ዋጋ ያለው የጋራ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። የሚስት ፊርማ የጎደለው ሽያጭ ነገ ሊፈርስ ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ምሳሌያችን ውስጥ ያለው ሻጭ «ሌላ ሰው እንዳይወስደው 50 ሺህ ቀብድ ያዝ» ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፤ ገዢዎችም ይህን ተማምነው ይከፍላሉ። ሕጉ የሚሠራው ግን ሰውየው ሲገኝ ነው። ስልኩን አጥፍቶ የጠፋ ሰው እጥፉንም ነጠላውንም አይመልስም። ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይሻላል፤ መጀመሪያ ብረቱ ይታይ፣ ቀጥሎ ማጣሪያው ይውጣ፣ ከዚያ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፣ ዋናው ገንዘብ ያኔ ይከፈል። ገንዘቡም በእጅ ሳይሆን በባንክ፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ባለው ሰው ሒሳብ ይግባ። «የወንድሜ ሒሳብ ውስጥ አስገባው» የሚል ሻጭ አንድ ነገር እየሸሸ ነው።

ተጭበርብሮ የገዛ ሰውስ? ብዙዎች ሲነቁ መኪናውን በርካሽ ለሌላ ሰው ሊያሻግሩት ይሞክራሉ። ይህ ተበዳዩን ተጠርጣሪ ያደርገዋል፤ የሚቀጥለውንም ሰው ያከስረዋል። መኪናው ማስረጃ ነውና ከነቁጥሩ ሳይነካ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። ከእሱ ጋር ውሉ፣ የባንክ ደረሰኙ፣ ከሻጩና ከደላላው ጋር የተጻጻፉት መልእክት፣ የተደወለበት ስልክ ቁጥርና ከመግዛቱ በፊት የተነሳው የሻንሲ ፎቶ ይቅረብ። ሻጩ ከተገኘ በማታለል ወንጀል ይጠየቃል። በፍትሐ ብሔርም የሸጠው ንብረት ከገዢው እጅ እንዳይነጠቅ የመድን ግዴታ አለበትና ዋጋውን እንዲመልስ መክሰስ ይቻላል። እውነተኛው ባለቤት ግን መኪናዬን መልሱልኝ የማለት መብቱ አይቀርም። ገዢው የሚከራከረው ከሸጠለት ሰው ጋር ነው፤ ለዚህ ደግሞ የዚያን ሰው እውነተኛ ማንነት፣ የመታወቂያውን ቅጂ ከነፎቶው፣ ገና ስለ ዋጋ ሲነጋገሩ መያዝ ነበረበት።