መቅረጽ ሌላ፣ ማሰማት ሌላ

አንድ የማህበረሰብ ሬዲዮ አዘጋጅ ወደ ወሎ ገጠር ወርዶ፣ የ78 ዓመት አዛውንት ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅና ስለ ሰፈራው ያወጉትን ቀርጾ ተመለሰ እንበል። አዛውንቱም ደብዳቤውም ለዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የቀረቡ ናቸው፤ ጊዜው ግን እውነተኛ ነው። ቅጂው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጃል። መቅረጫው ሲከፈት አዛውንቱ ተጠይቀው “ቅዳ፣ ልጄ፣ ምን ችግር አለው” ብለዋል። በብዙ ጣቢያ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ወጉ ይቆረጣል፣ ዋሽንት ይደረብበታል፣ እሁድ ከሰዓት ይተላለፋል።

እኔ ግን በዚህ ልማድ አልስማማም። አዛውንቱ የፈቀዱት ቤታቸው ድረስ መጥቶ ቡና ለጠጣ አንድ እንግዳ ማውጋትን ነው። ያንኑ ወግ የቅሬ ጓደኞቻቸው፣ የልጆቻቸው አማቾች፣ ገበያ የሚያገኟቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን ይሰሙታል ብለው አላሰቡም። ስለዚህ ቅጂው ከተሰማና ምን እንደያዘ ከታወቀ በኋላ፣ ከመተላለፉ በፊት፣ ሁለተኛ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን የሚጠይቀው ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የሰባ ሰባቱ ትዝታ ደግሞ ከሌላው ይከብዳል። ደርግ በ1977 በጀመረው ሰፈራ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል ተወስዷል። ረሃቡ ገፍቶት ወዶ የሄደ አለ። እርዳታ ለመቀበል ከተሰለፈበት ወይም ከገበያ ተይዞ የተጫነም አለ፤ ባል በአንዱ መኪና፣ ሚስት በሌላው ሄደው እስከ ዛሬ ያልተገናኙ ቤተሰቦች አሉ። ድርጊቱን በአደባባይ የነቀፈው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ከአገር ተባሯል። መዝጋቢው ካድሬና የገበሬ ማህበር ሊቀመንበር ነበር። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የሚወጣ ወግ ሁሉ የሰው ስም አለበት፤ ስሙ የተጠራው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የዛሬ ጎረቤት አባት ነው።

ሳይጠየቁ መታየትንም ይህ ሕዝብ ያውቀዋል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸውን ይዞ ለዓለም ባቀረበ ጊዜ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ልጃቸውን ታቅፈው የነበሩ እናቶች ፊታቸው የት አገር፣ በማን ቤት እንደሚታይ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። ዘገባው ከፍተኛ እርዳታ አስገኝቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ያኔ ግን የሞት ጥድፊያ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ያንኑ ታሪክ የሚሠራ አዘጋጅ ሁለት ሳምንት መታገሥ አያቅተውም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በቅጂው 34ኛ ደቂቃ ላይ አዛውንቱ ስማቸውን ዝርዝር ውስጥ ያስገባውን የገበሬ ማህበር ሊቀመንበር በስም ይጠሩታል። የሊቀመንበሩ ልጆች ከእሳቸው ጋር በአንድ ቅሬ ናቸው። በ51ኛው ደቂቃ አንዲት ጎረቤታቸው በጉዞ ላይ ሕፃን ልጇ ሞቶባት ሳትቀብረው መኪናው ስለመነሳቱ ይናገራሉ፤ ሴትየዋ በሕይወት አሉ። በ58ኛው ደቂቃ አዛውንቱ ራሳቸው ያለቅሳሉ፣ ለረጅም ጊዜም ዝም ይላሉ። ደብዳቤው እነዚህን ሦስት ቦታዎች ካላነሳ ፈቃድ ጠየቀ ማለት አይቻልም። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

“ለተከበሩ አባታችን፣

እንደምን ከረሙ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ደህና ነው ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። በጥር ወር ቤትዎ ተቀብለው ስላወጉን አሁንም እናመሰግናለን።

ያወጉን በመቅረጫ ተይዞ አለ፤ እስካሁን ለማንም አላሰማንም። አሁን ከአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃው ውስጥ 22 ደቂቃ መርጠን በሬዲዮ ለማሰማት ፈቃድዎን እንጠይቃለን። የመረጥነው ድርቁ እንዴት እንደገባ፣ ወደ ኢሉባቦር የተጓዙበትን፣ የወባውን ጊዜ፣ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በእግር ወደ አገር የተመለሱበትን ነው።

ሊቀመንበሩን በስም የጠሩበትን ቦታ አውጥተናል። ይሁንና የአገሩ ሰው ሹመቱን ብቻ ሰምቶ ማን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉና ይንገሩን። ስለ ጎረቤትዎ ልጅ የተናገሩትን ትተነዋል፤ ሐዘኑ የእሳቸው ስለሆነ እሳቸው ሳይፈቅዱ አናሰማውም። እርስዎ ያለቀሱበት ቦታ አሁን በ22ቱ ደቂቃ ውስጥ አለ። ይውጣ ካሉ ይወጣል።

ፕሮግራሙ እሁድ ከሰዓት አንድ ጊዜ፣ ረቡዕ ማታ በድጋሚ ይተላለፋል። በዩቲዩብና በቴሌግራም ማውጣቱ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እዚያ የወጣ ነገር ውጭ አገር ያለ ዘመድም፣ የማያውቁት ሰውም በፈለገው ጊዜ ይሰማዋል፣ ቆርጦም ለሌላ ያስተላልፈዋል። ሬዲዮውን ፈቅደው ይህን ሊከለክሉ ይችላሉ። ስምዎ ይጠራ ወይስ ይቅር የሚለውንም እርስዎ ይወስኑ።

እምቢ ቢሉ ቅር አንሰኝም፤ ከእርስዎም ሆነ ከአካባቢው ጋር ያለን ግንኙነት አይጎድልም። ከመተላለፉ በፊት በማንኛውም ቀን ሐሳብዎን ቢለውጡ እናስቀረዋለን። ከተላለፈ በኋላ ሰው የሰማውን መመለስ አንችልም፤ ድጋሚውን ግን እናቆማለን። መልስ ካልደረሰን አናስተላልፍም።

የተመረጠው 22 ደቂቃ በፍላሽ ተልኮልዎታል። ከማን ጋር እንደሚያደምጡት፣ ይህን ደብዳቤስ ማን እንደሚያነብልዎ ራስዎ ይምረጡ።

አክባሪ ልጅዎ”

ደብዳቤው የተጻፈው በእርስዎታ፣ እንደ ልጅ ነው። “ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ” ብሎ አይጀምርም፣ ማህተምም የለበትም። አንዳንድ ጣቢያዎች ክብር መስሏቸው በማህተም ያደርጉታልና ይህ ታስቦበት ነው። ሰፈራውን ያየ ሰው ማህተም ያለበት ወረቀት በቀበሌ በኩል ሲመጣለት ጥያቄ ሳይሆን ትእዛዝ ነው የሚመስለው። እሺ ይላል፤ እሺታው ግን ፈቃድ አይደለም። መልእክቱን የሚያደርሰው ሰው ከአስተዳደሩ ውጭ ያለ፣ ቢቻል መጀመሪያ አዘጋጁን ወደ ቤቱ የወሰደው ሰው ራሱ ቢሆን ጥሩ ነው። ጣቢያው በጽሑፍ የሚያስቀምጠው ማረጋገጫ ካስፈለገውም አዛውንቱ አድምጠው ከወሰኑ በኋላ፣ እሳቸው የመረጡት ምስክር ባለበት፣ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ይወሰዳል። ቀድሞ የተፈረመ ወረቀት ዋጋ የለውም፤ ሰው ያልሰማውን ሊፈቅድ አይችልም።

የስሙ ጉዳይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው። አዘጋጆች ብዙ ጊዜ ስም ላይ “ቲት” የሚል ድምፅ ይጨምራሉ። ይህ ግን አድማጭ ማን እንደሆነ እንዲያጠያይቅ ከመጋበዝ አይተናነስም፤ ማታ በየቡናው የሚወራው ያ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ማውጣት ይሻላል። እሱም ቢሆን አይበቃም፤ በአንድ ገበሬ ማህበር ውስጥ በ1977 የነበረው ሊቀመንበር አንድ ሰው ነው። የቀበሌው ስም ከተጠራ ስሙ ተጠራ ማለት ነው። ደብዳቤው ይህን ለአዛውንቱ የተወው መፍትሔው በእጃቸው ስለሆነ ነው፤ የቀበሌው ስም ይቅርና አውራጃው ብቻ ይጠራ ሊሉ ይችላሉ። ከሚተላለፈው ወጣ ማለት ደግሞ ከመዝገብ ጠፋ ማለት አይደለም። ሙሉው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጣል፤ የታሪኩ እውነት ያለው እዚያ ነው።

በሕግም ቢሆን አዛውንቱ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሥራዎች መካከል ንግግርንና ሌላ የቃል ሥራንም ይቆጥራል። ጣቢያው በመቅረጫው በያዘው ድምፅ ላይ የራሱ መብት ቢኖረውም የተናጋሪው መብት በዚያ አይተካም። ለገጠር ሽማግሌ በሚጻፍ ደብዳቤ ግን የአዋጅ ቁጥር መጥቀስ አይገባም፤ ያስፈራል እንጂ አያስረዳም።

ገንዘብም በደብዳቤው ውስጥ የለም። ጣቢያው ስጦታ ሊሰጥ ቢፈልግ ከመልሱ በኋላ፣ መልሱ እምቢም ቢሆን ይስጥ። ከፈቃዱ ጥያቄ ጋር አብሮ የመጣ ብር እምቢ የማለትን በር ይዘጋል፤ ዓመቱ ከከፋ ደግሞ ጨርሶ ይዘጋዋል።

አሁን መልስ መጣ እንበል። ፍላሽ በሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ ከልጅ ልጃቸው ጋር አድምጠው፣ ለሬዲዮው እሺ፣ ለዩቲዩቡ እምቢ ብለዋል። ስማቸው እንዲጠራ ፈቅደዋል፤ ልቅሶውም ይቆይ ብለዋል። ስለ ሊቀመንበሩ ግን ያልተጠበቀ ነገር ጨምረዋል። እሱን ማውጣታችሁ ደግ ነው፤ ነገር ግን እናቴ አገር ቤት ስትቀር በድብቅ እህል የሰጣት እሱ ነበር፣ ያን ቀን ተናድጄ ዘልዬው ነው ብለዋል። ወግን ለባለቤቱ መልሶ ማሰማት አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው። ሰው መጀመሪያ ሲናገር ቅርብ የሆነውን ቁስል ያወጣል፤ የራሱን ድምፅ ሲሰማ የቀረውን ያስታውሳል። አዘጋጁ እንደገና መሄድና ይህንንም መቅረጽ አለበት። አዲሱ ክፍል ሊቀመንበሩን መልሶ ያመጣዋልና፣ ይግባ አይግባ የሚለው ሌላ ጥያቄ ይሆናል፤ ምናልባትም ልጆቹን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የጣቢያው የውስጥ ሥራ ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰውም እዚህ ነው። አዘጋጁ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል። ከሦስት ዓመት በኋላ የድርቁ መታሰቢያ ሲደርስ አዲስ ባልደረባ ኮምፒውተሩ ውስጥ “ድርቅ 77 ሙሉ” የሚል ፋይል ያገኝና እንዳለ ያስተላልፈዋል፤ ስሙም፣ የሕፃኑም ነገር ይወጣል። ስለዚህ ሙሉው ቅጂና 22 ደቂቃው በተለያየ ማህደር ይቀመጣሉ። ሙሉው በፋይሉ ስም ላይ “አይተላለፍም” የሚል ይጻፍበታል። የአዛውንቱ መልስ፣ የተሰጠበት ቀን፣ የተፈቀደውና የተከለከለው፣ ከእሳቸው በኋላ ፈቃድ የሚጠየቀው የትኛው ልጃቸው እንደሆነ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከቅጂው ጋር ይታሰራል፤ ለጣቢያው ኃላፊም አንድ ግልባጭ ይሰጣል።