አዲስ ተቀጣሪ የሠራተኞችን መመሪያ እንዴት ያነባል?



ከምርቃት በኋላ በግል ድርጅት የሚቀጠር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት መቶ ሃያ ገጽ የሚሆን የሠራተኞች መመሪያ ተሰጥቶት፣ ማንበቡን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። ሦስቱ አንገብጋቢ ጉዳዮች፣ ማለትም ፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራና ዲሲፕሊን፣ በማውጫው ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ምዕራፍ ያላቸው ይመስላሉ። በተግባር ግን አንዱ ደንብ በሦስት ቦታ ተበታትኖ ይገኛል፤ ትርጉሙ በመጀመሪያዎቹ ገጾች፣ አፈጻጸሙ በመካከል፣ የቅጣቱ ወይም የክፍያው ሠንጠረዥ ደግሞ በአባሪ።

ስለዚህ ንባቡ ከትርጓሜ ክፍል ይጀምራል። ለምሳሌ «ትርፍ ሰዓት» የሚለው ቃል በአሠሪው ግልጽ ትዕዛዝ የተሠራን ሥራ ብቻ የሚመለከት ሊሆን ይችላል፤ ሕጉም ይህን ትዕዛዝ ይጠይቃል። ይህን ያላየ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ አምሽቶ ከሠራ በኋላ ክፍያ ሲከለከል ይደነግጣል።

ሁለተኛው እርምጃ መመሪያው የተመሠረተበትን ሕግ መለየት ነው። መግቢያው አዋጅ ቁጥር 377/1996ን የሚጠቅስ ከሆነ፣ ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተተክቷልና ቁጥሮቹ ያረጁ ሊሆኑ ይችላሉ። ወርኃዊ ደመወዟ 10,400 ብር የሆነ ሠራተኛን እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ስለሚሠራ፣ የሰዓት ክፍያዋ 50 ብር ነው። ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በትዕዛዝ ብትሠራ፣ በአሮጌው 1.25 ስሌት 187.50 ብር ታገኛለች፤ አሁን በሥራ ላይ ባለው አንቀጽ 68 መሠረት ግን ስሌቱ 1.5 ስለሆነ 225 ብር ይገባታል።

የዓመት ፈቃድ ላይ ንጽጽሩ ይገለበጣል። አሮጌው ሕግ ለመጀመሪያው ዓመት 14 የሥራ ቀናት ሰጥቶ በየተጨማሪው ዓመት አንድ ቀን ይጨምር ነበር፤ አዲሱ 16 ሰጥቶ በየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። አሥር ዓመት ላገለገለ ሰው የመጀመሪያው 23፣ ሁለተኛው 20 ቀን ይሆናል። መመሪያው ከሕጉ የተሻለ ጥቅም ከሰጠ የመመሪያው ይጸናል፤ ካነሰ የሕጉ ይፈጸማል።

በዲሲፕሊን ረገድ ከአባሪው ሠንጠረዥ ይልቅ የማስጠንቀቂያው ሥርዓት ይመርመር። አንቀጽ 27 በማርፈድ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበትን የሚፈቅደው፣ ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካረፈደ ነው። በቃል የተነገረ ተግሣጽ ይህን ስለማያሟላ፣ የደረሰንን ደብዳቤ ሁሉ ከነቀኑ ማስቀመጥ ይገባል። ሆኖም ይህ ጥበቃ በሙከራ ጊዜ፣ ማለትም ከ60 የሥራ ቀናት በማይበልጠው ወቅት፣ የላላ ነው፤ ለሥራው ብቁ አይደለም የተባለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ስለሆነም የሙከራ ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ከሁሉ አስቀድሞ መፈለግና መመዝገብ ያስፈልጋል።