ቃለ ጉባኤው አለ፤ ውሳኔው የት ገጽ ላይ ነው?

«ይኼ እኮ ተወስኗል!» «መቼ?» «ያኔ ነዋ፣ የድሮው ዳኛ በነበሩ ጊዜ።» እድር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ክርክር አይጠፋውም። ጸሐፊው መዝገቡን ይገልጣል፣ ያገላብጣል፤ ሰዉ ይንጫጫል፤ በመጨረሻም ጉዳዩ እንደ አዲስ ይወሰናል። የቀድሞው ውሳኔ ግን አልጠፋም። እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው፣ ያገኘው የለም እንጂ።

መጀመሪያ የዕድሜውን ነገር እንጨርስ። ቃለ ጉባኤውን ራሱን፣ ማለትም ተሰብሳቢዎች የፈረሙበትን መዝገብ፣ መጣል አያስፈልግም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ እድር በየስብሰባው ሦስት ገጽ ቢጽፍ በዓመት 36 ገጽ ይሆናል። ባለ 200 ገጽ መዝገብ ከአምስት ዓመት በላይ ያገለግላል፤ የሠላሳ ዓመቱ ተደምሮ ስድስት መዝገብ ቢሆን ነው። ለስድስት መዝገብ ቦታ አጣን የሚል እድር አይኖርም።

ቦታ የሚያጣብበው አባሪው ነው፦ ደረሰኙ፣ የኪራይ ውሉ፣ የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝር፣ ማመልከቻው። ለእነዚህ ጥሩ መለኪያ የሚሆነን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በአንቀጽ 1845 መሠረት ከውል የሚመነጭ ክስ፣ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነለት በቀር፣ በአሥር ዓመት ይታገዳል። ስለዚህ አባሪውን አሥር ዓመት ማቆየት ምክንያት አለው። ብዙዎች የሚሳሳቱት አሥሩን ዓመት ከስብሰባው ቀን በመቁጠር ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ግዴታው መፈጸም ካለበት ወይም መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ ነው። እድሩ በ2008 ዓ.ም. አዳራሹን ለአምስት ዓመት አከራየ እንበል። ውሉ ያለቀው በ2013 ከሆነና የመጨረሻው ክፍያም የዚያኑ ጊዜ ከሆነ፣ የውሉ ወረቀት እስከ 2023 መቀመጥ አለበት። ተከራዩ በመሀሉ ዕዳውን አምኖ ትንሽ ቢከፍል ደግሞ ለዚያ ዕዳ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። የቦታና የቤት ሰነድ፣ መተዳደሪያ ደንቡና የደንቡ ማሻሻያ ከዚህ ስሌት ውጭ ናቸው፤ አይጣሉም። ክርክር የተነሳበት ወረቀትም ፍርዱ እስኪያልቅ አይነካም።

በተቃራኒው ቶሎ መወገድ ያለበት ነገር አለ። ጸሐፊው በስብሰባው ላይ የሞነጫጨረው ማስታወሻና በስልክ የተቀዳው ድምፅ ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነቦ ከጸደቀ በኋላ፣ ቅሬታ ያቀረበ ከሌለ፣ መጥፋት አለባቸው። ካልሆነ አንድ ስብሰባ ሁለት ቃለ ጉባኤ ኖረው ማለት ነው። የሚወገደው ወረቀት ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፣ ከዚያም ይቃጠል ወይም ይቀዳደድ። ለወረቀት ገዢ የተሸጠ ማመልከቻ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ተጠቅልሎበት ሊገኝ ይችላል፤ የሰው ሕመምና ችግር የተጻፈበት ወረቀት ነው።

የት ይቀመጥ ለሚለው አጭሩ መልስ፦ ጸሐፊው ቤት አይሁን። ጸሐፊ ይዛወራል፣ ይታመማል፣ አንዳንዴም ይኮርፋል። እድሩ የራሱ ቢሮ ወይም የዕቃ ቤት ካለው በዚያ በሚቆለፍ የብረት ቁምሳጥን፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ምስጥና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። የየገጹ ፎቶ ኮፒ ወይም ጥርት ያለ ፎቶ ሌላ ቤት ይኑር። ጸሐፊ ሲለወጥ ርክክቡ በመዝገብ ብዛትና በገጽ ቁጥር ተፈርሞ ይፈጸም። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፦ ከካሽ ሬጅስተር ማሽን የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ይደበዝዛል፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ባዶ ነጭ ወረቀት ሊሆን ይችላል። በመጣበት ሳምንት ኮፒ ተደርጎ ከዋናው ጋር ይታሰር።

ማውጫው ግን ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ነው። መነሻው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ስብሰባ በዓመቱ ውስጥ ተራ ቁጥር ይኑረው፣ እያንዳንዱ አጀንዳም እንዲሁ። ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ የተደረገው ስብሰባ የዓመቱ ሦስተኛ ከሆነ 03/2016 ይባላል። በዚያ ቀን በሁለተኛው አጀንዳ «ከሠፈር የለቀቀ አባል በወኪል እየከፈለ ይቆይ፤ ሦስት ወር ካልከፈለ ይሰረዝ» ተብሎ ተወሰነ እንበል። በማውጫው ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

ከሠፈር የለቀቀ አባል፦ 03/2016፣ አጀንዳ 2፣ ገጽ 41

በመጋቢት 2017 ሦስት ወር የተባለው ወደ ስድስት ወር ከፍ አለ። አሁን አዲስ መስመር ይገባል፣ በአሮጌውም ጎን «በ07/2017፣ አጀንዳ 1 ተሻሽሏል» ይባላል። ይህች አጭር ጽሑፍ ካልገባች የሚሆነውን አስቡት። ልጇ ዘንድ ገብታ አራት ወር ሳትከፍል የቆየች እናት ታርፋለች፤ ገጽ 41ን ያገኘ ሰው «ተሰርዘዋል» ይላል፤ ድንኳኑ ሳይተከል ይቀራል። ማሻሻያው የሚጻፈው በማውጫው ላይ ብቻ ነው። የተፈረመ ገጽ ላይ በእርሳስም ቢሆን መጨመር ስርዝ ድልዝ ነው።

አርእስቱ አባላት በሚናገሩት ቃል ይሁን። «ቋሚ ንብረት» ብሎ የሚፈልግ የለም፤ «ድንኳን»፣ «ወንበር»፣ «ብረት ድስት» ነው የሚሉት። ወደ ማውጫው የሚገባው ውሳኔና በይደር የቆየ ጉዳይ ብቻ ነው። ሪፖርት ቀረበ፣ ሐሳብ ተሰጠ የሚለው ሁሉ ከገባ ማውጫው ራሱ ሌላ መዝገብ ይሆናል።

ለሰው ስም የተለየ ማውጫ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰውም እዚህ ነው። ስም በራሱ በሰውየው ስም ይደርደር፣ በአባት ስም አይሁን፤ የአባል ቁጥሩም ይከተል። አባልነቱ በባል ስም ከሆነ ሚስትም በራሷ ስም መስመር ይኑራት። ባል ሲያርፍ ለጥያቄ የምትመጣው እሷ ናት።

ከዚያ ፊደሉ አለ። አንዱ ጸሐፊ ሠናይት፣ ሌላው ሰናይት ይላል። ለኮምፒውተር ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በፊደል ተራ ሲደረድር ሠናይት ከረድኤት በፊት ትመጣለች፣ ሰናይት ከረድኤት በኋላ። «ጸሐይ» ብሎ የፈለገ «ፀሀይ» ተብላ የተመዘገበችውን አያገኝም። ኤክሴል ላይ ማውጫ የሚሠራ ጸሐፊ ለዚህ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይክፈት። በመጀመሪያው ዓምድ ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ። በሁለተኛው ሐ እና ኀ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተቀይሮ ይጻፍ፤ ሃ እና ሀ፣ ዓ እና አም እንደ አንድ ይወሰዱ። ፍለጋውም ድርደራውም በሁለተኛው ዓምድ ይሆናል። የገጾቹ ፎቶዎችም በዓመት፣ በወርና በቀን ተራ ይሰየሙ፣ የኅዳሩ 2016-03-09 ተብሎ። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሰጠው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ፣ ፎቶው የተነሳበትንም እንጂ የተሰበሰባችሁበትን አያውቅም።