ሐብሐቡን ትታ ፓስታውን የያዘችው ታካሚ

ለሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚቀርብ ጥያቄ እንዲህ ሊል ይችላል፦ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባት ሴት የሐብሐብ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ 76 ገደማ መሆኑን ሰምታ ሐብሐብ ተወች። የፓስታው 45 አካባቢ ስለሆነ ግን ሰሃን ሙሉ ትበላለች። ከምሳ በኋላ ስኳሯ ለምን ይወጣል?

ኢንዴክሱ የሚለካው 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለው ምግብ ተበልቶ የደም ስኳርን ምን ያህል እንደሚያነሣ በማየት ነው፤ የንጹሕ ግሉኮስ 100 ተብሎ ይያዛል። ያን ያህል ካርቦሃይድሬት ከሐብሐብ ለማግኘት አንድ ኪሎ ያህል መብላት ያስፈልጋል። ማን ይበላዋል?

ግላይሴሚክ ሎድ የድርሻውን መጠን ያስገባል፤ ኢንዴክሱ በድርሻው ውስጥ ባለው ካርቦሃይድሬት ተባዝቶ ለ100 ይካፈላል። 120 ግራም ሐብሐብ 6 ግራም ካርቦሃይድሬት ስላለው ሎዱ 5 ገደማ ነው። 180 ግራም የተቀቀለ ፓስታ 48 ግራም ስላለው 22 ይደርሳል። እስከ 10 ዝቅተኛ፣ ከ20 ጀምሮ ከፍተኛ ይባላል። የሴትዮዋ ሰሃን እጥፍ ከሆነማ ሎዱ 43 ነው!

ተማሪ በካርቦሃይድሬቱ ፈንታ የምግቡን ክብደት ካባዛ ሐብሐቡ 91 ይወጣለታል። እንዲህ ያለ የተጋነነ ቁጥር ስህተቱን ያሳብቃል።

መልሱ ፓስታውን መቀነስ፣ ቁራጭ ሐብሐብ መፍቀድ፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሯን መለካት ነው። ሎዱን ብቻ ማሳደድ ግን አያዋጣም፤ የቅቤ ሎድም ዜሮ ነውና።