ፓኬቱ አስቀድሞ ምን ይንገረን?

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ልጅ ሲያስቀምጠው እናቶች ከጤና ኬላ ወይም ከመድኃኒት ቤት ይዘው ከሚሄዱት ነገር አንዱ ኦ.አር.ኤስ ነው። ሰጪው ባለሙያ በቃል ያስረዳል። እናትየዋ ግን ረጅም መንገድ በእግሯ ሄዳ ቤቷ ስትደርስ፣ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ልትበጠብጠው ስትነሳ፣ የሚያስታውሳት የፓኬቱ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጠ ማየት ተገቢ ነው።

እንዲህ ያለ ፓኬት እናስብ። ፊቱ ላይ በትልቁ «ተቅማጥን ያስቆማል» ይላል። ጀርባው ላይ አስቀድሞ የተዘረዘረው ግሉኮስ 13.5 ግራም፣ ጨው 2.6 ግራም እያለ የሚቀጥለው ይዘቱ ነው። ከዚያ የአምራቹ አድራሻ ይመጣል። «በ1 ሊትር ውኃ ይበጥብጡ» የሚለው ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ውሸት የሆነው አንድ መስመር ነው፤ የቀረው እውነት ሆኖ ቦታውን የሳተ ነው።

ከቦታው እንጀምር። እናትየዋ ፓኬቱን ከመቅደዷ በፊት ማወቅ ያለባት የውኃውን መጠን ነው። ይህ መስመር ከታች ከተደበቀ ባገኘችው ዕቃ ትበጠብጠዋለች። የአንድ ሊትሩን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ብትበጠብጠው ጨውና ስኳሩ እጥፍ ይሆናል። እንዲህ የወፈረ መጠጥ ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡ ሊብስ፣ በደም ውስጥ ያለው ጨውም ከልክ ሊያልፍ ይችላል። በሁለት ሊትር ከተበጠበጠ ደግሞ ይቀጥንና የወጣውን ጨው አይተካም። ሲቀምሱት ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ወፍሯልና ደፍቶ በአዲስ ፓኬት እንደገና መጀመር ነው። በግማሽ ሊትርና ከዚያም ባነሰ ውኃ የሚበጠበጡ ትናንሽ ፓኬቶችም ስላሉ ቁጥሩ በየጊዜው መነበብ አለበት።

ሁለተኛው ግልጽነት ነው። «1 ሊትር» ማለት መለኪያ ለሌለው ቤት ብዙም አይረዳም። «በ330 ሚሊ ሊትር የቢራ ጠርሙስ ሦስት ሙሉ» ቢል ግን ማንም ይገባዋል። «ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር» ከሚልም «ተቅማጥ በወጣው ቁጥር ከትልቅ ኩባያ ሩብ እስከ ግማሽ» ቢል ይሻላል።

ሦስተኛው ከልክ ያለፈው ቃል ነው። ኦ.አር.ኤስ ተቅማጥን አያስቆምም። ሥራው ከሰውነት የወጣውን ውኃና ጨው መተካት ነው፤ ልጁን ከሞት የሚያተርፈውም ይኸው ነው። «ያስቆማል» የሚለውን ያመነች እናት በማግሥቱም ተቅማጡ ሲቀጥል ስታይ «አልሠራም» ብላ ትተወዋለች፤ ልጁ መጠጡን አጥብቆ የሚፈልገው ግን ያን ጊዜ ነው። ተቅማጡ የሚቆይበትን ቀን ለማሳጠር የሚረዳው አብሮ የሚሰጠው የዚንክ እንክብል ነው፤ እሱም ተቅማጡ ቢቆምም እስከ አሥር ቀን ይጨረሳል።

እንግዲህ ያንኑ ፓኬት እናስተካክለው። ፊቱ ላይ «በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው ይተካል» ይባል። ከሥሩ በትልቅ ቁጥር «1 ሊትር ንጹሕ ውኃ» ይጻፍ፤ የሦስቱ ጠርሙሶች ሥዕልም ይጨመር። ቀጥሎ አሰጣጡ ይምጣ፦ በማንኪያ ወይም በኩባያ በጥቂት በጥቂቱ፤ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ በዝግታ መቀጠል፤ የእናት ጡትንም አለማቋረጥ። ከዚያ «የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ» ይባል። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱት ምልክቶች ይከተሉ፦ ደም ያለበት ተቅማጥ፣ መጠጣት አለመቻል፣ የሚጠጣውን ሁሉ ማስመለስ፣ የዓይን መሰርጎድ፣ መድከምና መፍዘዝ። ይዘቱና አድራሻው መቅረት ስለሌለባቸው መጨረሻ ላይ ይቀመጡ። የማብቂያ ቀኑ ግን በግልጽ የሚታይ ቦታ ያስፈልገዋል።

ጽሑፉ መሥራቱን ማወቅ ቀላል ነው። ፓኬቱን ባዶ ጆግና ጠርሙስ ካላቸው እናቶች እጅ አስቀምጦ፣ ምንም ሳያስረዱ «አንብባችሁ አሳዩኝ» ማለት ነው። ማንበብ የማይችሉት ከሥዕሉ ይረዱ እንደሆነም ይታያል። አንዷ ውኃውን ካሳነሰች መስተካከል ያለበት ጽሑፉ ነው።

አንባቢዎቼም ቤታችሁ ባለው ፓኬት ሞክሩት። ስንት ውኃ? ለስንት ሰዓት ይቆያል? መቼ ወደ ጤና ጣቢያ? ለሦስቱ መልስ ካላገኛችሁለት ከመቅደዳችሁ በፊት የሰጣችሁን ባለሙያ ጠይቁ፤ የውኃውንም መጠን በጉልህ ፓኬቱ ላይ አስጽፉት።